ሁሉም ቀን ኪሳራ ሲሆን ትልቁ ድምር የቱ ነው?

በአንድ ረድፍ ከተጻፉ ቁጥሮች መካከል ሳይቆራረጡ የሚከታተሉ ጥቂቶችን ወስዶ ድምራቸው ከሌሎች ሁሉ የሚበልጠውን ቁራጭ ማግኘት በኮምፒውተር ሳይንስ የታወቀ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በአንድ ሱቅ መዝገብ በቀላሉ ይታያል። የሱቁ የስምንት ቀን ውጤት በሺህ ብር ተሰልቶ እንደሚከተለው ቢጻፍ፣ ትርፉ ያለ ምልክት፣ ኪሳራው ደግሞ በመቀነስ ምልክት ይታወቃል፦

```
3, -5, 4, -1, 6, -11, 2, 1
```

የሚፈለገው ሱቁ በጠቅላላ ብዙ ያተረፈበት ተከታታይ ጊዜ ነው። በመካከል ያለ የኪሳራ ቀን ተዘልሎ አይታለፍም። መዝለል ቢፈቀድ ኖሮ የትርፍ ቀናትን ብቻ መደመር ይበቃ ነበር። ቀናቱ መከታተል ስላለባቸው ግን በእያንዳንዱ የኪሳራ ቀን አንድ ውሳኔ ይጠብቃል፤ ኪሳራውን ተሸክሞ መቀጠል ይሻላል ወይስ ያለፈውን ትቶ እንደ አዲስ መጀመር?

ወዲያው ወደ አእምሮ የሚመጣው መንገድ መነሻና መድረሻ ቀን እያጣመሩ ሁሉንም ቁራጭ መደመር ነው። ለስምንት ቀን 36 ቁራጮች ስላሉ በወረቀትም ይቻላል። ለ365 ቀን ግን የቁራጮቹ ቁጥር 66,795 ይደርሳል፤ ረድፉ በእጥፍ በረዘመ ቁጥር ቁራጮቹ አራት እጥፍ ያህል ይበዛሉ። መዝገቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ በማንበብ መልሱን የሚሰጥ ዘዴ አለ፤ ካዴን አልጎሪዝም ይባላል።

ዘዴው ትልቁን ጥያቄ በአንዴ አይጋፈጥም። በእያንዳንዱ ቀን ላይ ቆሞ አነስ ያለ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ልክ በዚህ ቀን ከሚያበቁት ቁራጮች መካከል የትልቁ ድምር ስንት ነው? በዛሬ የሚያበቃ ቁራጭ ከሁለት ዓይነት አይወጣም። ወይ ዛሬን ብቻ የያዘ ነው፣ ወይም በትናንት ያበቃ ቁራጭ ላይ ዛሬ ሲጨመርበት የተገኘ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ በትናንት ካበቁት ሁሉ ምርጡን መውሰድ ይበቃል፤ የዛሬው ቁጥር በሁሉም ላይ እኩል ስለሚጨመር ትናንት የበለጠው ዛሬም ይበልጣል። ስለዚህ የዛሬውን ቁጥር ለብቻው፣ ከትናንቱ ምርጥ ድምር ጋር ከተደመረው ጋር ማወዳደርና የሚበልጠውን መያዝ ብቻ ነው የሚቀረው።

በመንገዱ ላይ የሚያዙት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው በተደረሰበት ቀን የሚያበቃው ምርጥ ድምር ነው፤ ከቀን ወደ ቀን ስለሚሸጋገር እዚህ ተጓዥ ድምር ይባል። ሁለተኛው ተጓዡ ድምር እስካሁን የደረሰበት ከፍተኛው ቁጥር፣ ማለትም ክብረ ወሰኑ ነው። ተጓዡ ድምር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ክብረ ወሰኑ ግን በሌላ ይሰበራል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ማንኛውም ቁራጭ በአንዱ ቀን ማብቃቱ ስለማይቀር ከተጓዥ ድምሮቹ ሁሉ ትልቁ የጠቅላላው ጥያቄ መልስ ነው።

በሱቁ መዝገብ ላይ ሲሞከር፣ በመጀመሪያው ቀን ተጓዡ ድምርም ክብረ ወሰኑም 3 ናቸው። በሁለተኛው ቀን −5 ለብቻው ከ−2 ጋር ይወዳደራል፤ የሚበልጠው −2 ስለሆነ ተጓዡ ድምር −2 ይሆናል፤ ክብረ ወሰኑ በ3 ይጸናል። በሦስተኛው ቀን 4 ለብቻው 4 ነው፤ ካለፈው ጋር ቢደመር ግን 2 ብቻ ነው። ያለፈው ሸክም ስለሆነ ይጣልና ቁራጩ ከሦስተኛው ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል። በአራተኛው ቀን ተጓዡ ድምር ወደ 3 ይወርዳል፤ በአምስተኛው ወደ 9 ይወጣና ክብረ ወሰን ይሰብራል። በስድስተኛው ቀን ወደ −2 ያሽቆለቁላል፤ በሰባተኛው እንደገና ከ2 ይጀምርና በስምንተኛው 3 ላይ ያቆማል። ዘጠኝን የሚያልፍ ስላልተገኘ መልሱ 9 ሺህ ብር ነው፤ ይህም ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን የተገኘው ድምር ነው። በዚህ ቁራጭ ውስጥ አንድ የኪሳራ ቀን አለ፤ ኪሳራው ትንሽ ስለነበርና ከፊቱም ከኋላውም ያለው ትርፍ ስለሸፈነው ሊካተት በቅቷል።

በፓይተን ቋንቋ ሲጻፍ ዘዴው ከእነዚህ ጥቂት መስመሮች አያልፍም፦

```python
def max_sum(a):
    cur = best = a[0]
    for x in a[1:]:
        cur = max(x, cur + x)
        best = max(best, cur)
    return best
```

እዚህ `cur` ተጓዡ ድምር፣ `best` ደግሞ ክብረ ወሰኑ ነው። ሁለቱም የሚነሱት ከረድፉ የመጀመሪያ ቁጥር እንጂ ከዜሮ አይደለም። ይህ መነሻ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ረድፉ በሙሉ ኔጋቲቭ ሲሆን ግን መልሱን የሚወስነው እሱ ነው።

ከዜሮ የመነሳት ልማድ ከጥያቄው ታሪክ የመጣ ነው። ጥያቄውን በ1977 ያነሳው በብራውን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኡልፍ ግሬናንደር ነው። እሱን ያሳሰበው በዲጂታል ምስሎች ውስጥ ቅርጽን መለየት ሲሆን፣ የፈለገውም በቁጥሮች ሠንጠረዥ ውስጥ ትልቁን ድምር የሚሰጠውን አራት ማዕዘን ነበር። ያ በጣም ስለከበደ፣ ነገሩን ለመረዳት ሲል ወደ አንድ ረድፍ ዝቅ አደረገው። ማይክል ሻሞስ ረድፉን ለሁለት እየከፈለ የሚሠራ ፈጣን ዘዴ አገኘ። ሻሞስ ይህን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በአንድ ሴሚናር ላይ ሲያስረዳ ያዳመጠው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጄይ ካዴን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነበውን ዘዴ ነደፈ። ታሪኩን በ1984 ለብዙ አንባቢ ያደረሰው ጆን ቤንትሊ ሲሆን፣ እሱ በጻፈው ትርጓሜ ምንም ቁጥር ያልያዘ ባዶ ቁራጭም ይፈቀዳል። የባዶ ቁራጭ ድምር ዜሮ ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት የኔጋቲቭ ቁጥሮች ረድፍ መልስ ዜሮ መሆኑ ስሕተት አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ለሱቁ ባለቤትም ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው “ሱቁ በየትኞቹ ተከታታይ ቀናት ክፍት ቢሆን ይሻል ነበር? ጭራሽ አለመክፈትም ይቻላል” የሚል ነው። ሁሉም ቀን ኪሳራ ከሆነ አለመክፈት ይበልጣልና መልሱ ዜሮ ነው። ሁለተኛው ግን “ከተሠራባቸው ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ ቀን የያዘ፣ ኪሳራው ከሁሉ ያነሰ ጊዜ የቱ ነው?” ይላል። እዚህ ላይ ዜሮ መልስ ሊሆን አይችልም፤ ውጤቱ ዜሮ የሆነ አንድም ጊዜ በመዝገቡ ውስጥ የለምና።

የስድስት ቀን ውጤቱ እንዲህ የሆነ ክፉ ሳምንት ይወሰድ፦

```
-8, -3, -6, -2, -5, -4
```

ተጓዡ ድምር ከ−8 ይነሳል። በሁለተኛው ቀን −3 ከ−11 ጋር ይወዳደርና −3 ይመረጣል፤ ክብረ ወሰኑም −3 ይሆናል። በሦስተኛው ቀን −6 ከ−9 ይበልጣል፤ ክብረ ወሰኑ ግን አይነካም። በአራተኛው ቀን −2 ከ−8 ይበልጣል፤ ክብረ ወሰኑም በ−2 ይሰበራል። በቀሪዎቹ ሁለት ቀናት ተጓዡ ድምር −5 ከዚያም −4 ይሆናል። መልሱ −2 ነው፤ አራተኛው ቀን ብቻውን ማለት ነው።

ይህ በአጋጣሚ አልሆነም። ቁጥሮቹ ሁሉ ኔጋቲቭ ከሆኑ የትናንቱ ድምር ምንጊዜም ከዜሮ በታች ስለሚሆን፣ በዛሬው ላይ ሲጨመር ያሳንሰዋል እንጂ አያሳድገውም። ስለዚህ ዘዴው በየቀኑ ያለፈውን ይጥላል፤ ተጓዡ ድምር የዛሬው ቁጥር ራሱ ይሆናል፤ ክብረ ወሰኑም ከቁጥሮቹ ሁሉ ትልቁ ይሆናል። ኔጋቲቭ ረድፍን ለብቻ የሚፈትሽ ተጨማሪ ትእዛዝ ያላስፈለገውም ለዚህ ነው።

ስሕተት የሚገባው ሁለቱን ጥያቄዎች ሳይለዩ መነሻውን ሲነካኩ ነው። የተለመደው ክብረ ወሰኑን ከዜሮ ማስነሳት ነው፤ ከዜሮ በታች ያለ ድምር ዜሮን ሊሰብር ስለማይችል መልሱ ሁልጊዜ 0 ሆኖ ይቀራል። ሌላው፣ ክብረ ወሰኑን አስተካክሎ ተጓዡን ድምር በአሮጌው ልማድ መተው ነው፦

```python
cur = max(0, cur + x)
```

ይህ መስመር ድምሩ ከዜሮ በታች በወረደ ቁጥር ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ክብረ ወሰኑም ቀጥሎ ከዚህ ዜሮ ጋር ስለሚወዳደር፣ ከየትኛውም ቀን ያልመጣ ዜሮ መልስ ሆኖ ይወጣል። ወደ ዜሮ የሚመልሰው አጻጻፍ ሊያገለግል የሚችለው መጀመሪያ ተደምሮ፣ ቀጥሎ ከክብረ ወሰኑ ጋር ተወዳድሮ፣ ወደ ዜሮ የሚመለሰው በመጨረሻ ከሆነ ነው፤ ክብረ ወሰኑም ከዜሮ መነሳት የለበትም።

ሦስተኛው ስሕተት ይበልጥ ይደበቃል። በጃቫ ቋንቋ አንዳንዶች ሁለቱንም ቁጥሮች `int` ሊይዘው ከሚችለው ትንሹ ቁጥር ከ−2,147,483,648 ያስነሳሉ። ለክብረ ወሰኑ ይህ አይጎዳም፤ እሱ ይወዳደራል እንጂ አይደመርም። ተጓዡ ድምር ግን ገና ከመነሻው −8 ሲጨመርበት ከልኩ ያልፍና ተገልብጦ 2,147,483,640 ይሆናል። ክፉው ሳምንት የሁለት ቢሊዮን ትርፍ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቁጥር መነሳት ይህንንም ያስቀራል።

አንድ ፕሮግራም የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ለማወቅ ሁለት አጫጭር ፈተናዎች ይበቃሉ። አንድ ቁጥር ብቻ ላለው `[-7]` መልሱ −7 መሆን አለበት፤ 0 ከመጣ ፕሮግራሙ ባዶ ቁራጭን ፈቅዷል። ከላይ ለተጠቀሰው ሳምንት ደግሞ −2 መምጣት አለበት፤ −4 ከመጣ ፕሮግራሙ ክብረ ወሰኑን ትቶ የመጨረሻውን ተጓዥ ድምር መልሷል፤ −28 ከመጣ ደግሞ ያለፈውን መጣል ረስቶ ሁሉንም ደምሯል።

የሚቀረው ጭራሽ ቁጥር የሌለበት ረድፍ ነው። ባዶ ቁራጭ ከተፈቀደ መልሱ ያለ ክርክር ዜሮ ነው። ቢያንስ አንድ ቁጥር ይያዝ ከተባለ ግን የሚመረጥ ነገር ስለሌለ መልስ የለም፤ ከላይ ያለው ፕሮግራምም `a[0]` ላይ ሲደርስ `IndexError` ብሎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ዜሮ መመለስ የሌለ ቁራጭን እንዳለ አድርጎ ማቅረብ ስለሚሆን፣ ረድፉ ባዶ መሆኑን አስቀድሞ ፈትሾ ለጠያቂው በግልጽ ማሳወቅ ይገባል።