ወላጅ ክፍያ ሲጠይቅ «ኢንቦክስ» አይባልም

ክረምቱ ሲቃረብ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች በምረቃ ፎቶ ይሞላሉ። ጋዋን የለበሱ ሕፃናት፣ ፊኛ፣ ኬክ። ወላጆች ከሥር የሚጽፉት ግን ሌላ ነው፤ «ክፍያው ስንት ነው?»፣ «ወደ አያት ሰርቪስ አላችሁ?»፣ «በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይማራል?» መልሱ ብዙ ጊዜ «ኢንቦክስ ያድርጉ» ነው። ዋጋውን የደበቀ ትምህርት ቤት ሌላም ነገር ይደብቃል ብሎ የሚጠረጥር ወላጅ አይፈረድበትም።

ጠቃሚው ነገር ከገጹ አናት ላይ ተሰክቶ የሚቀመጥ አንድ ጽሑፍ ነው። የመመዝገቢያና የተርም ክፍያው፣ ደንብ ልብስና መጽሐፍ በዚያ ውስጥ መካተታቸው፣ የሰርቪስ መስመሮቹ፣ የክፍል ተማሪ ብዛት፣ የዘመኑ የፈቃድ ወረቀት ፎቶ፤ ጽሑፉ የታደሰበት ቀንም ይጻፍበት። ለፎቶ ደግሞ መማሪያ ክፍሉን፣ ግቢውንና መጸዳጃ ቤቱን ያሳዩ። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ያየች እናት ከኬኩ ይልቅ እሱን ታምናለች።

ለተመዘገቡት ወላጆች ግን ለየክፍሉ የተዘጋ የቴሌግራም ቻናል ያስፈልጋል። ግሩፕ አይሆንም። ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ይጽፋል፤ የበዓል ምኞቱ የነገውን ፈተና ማስታወቂያ ይውጠዋል፣ በአንድ ልጅ ላይ የቀረበ ቅሬታም በሰው ሁሉ ፊት ይነበባል። ቻናል ላይ የሚጽፈው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ የግል ጥያቄ በስልክ ይስተናገዳል። የመግቢያ ሊንኩ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ልጃቸው የለቀቀ ወላጆችም ይወጣሉ።

የቻናሉ ፈተና ችግር ሲመጣ ነው። ዝናብ ዘንቦ ሰርቪሱ መገናኛ ላይ ቆመ እንበል። ረዳቷ ወዲያው ትደውላለች፤ ጸሐፊዋም እንዲህ ብላ ትለጥፋለች፦ «10፡05። የአያት ሰርቪስ መገናኛ ላይ በመንገድ መዘጋጋት ቆሟል። ልጆቹ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ረዳታቸው አብራቸው ናት። 10፡25 ላይ እንደገና እናሳውቃለን።» የሚቀለው ይህን መጻፍ ነው። የሚከብደው 10፡25 ሲሆን፣ መኪናው ባይንቀሳቀስም፣ «አሁንም እዚያው ነው» ብሎ መጻፍ ነው። በተባለው ሰዓት ዝም ከተባለ የመጀመሪያው መልእክት ራሱ ጭንቀት ይሆናል። በሰዓቱ ከተጻፈ ግን ያች እናት ነገ ለጎረቤቷ የምትናገረው ይህንን ነው፤ አዲስ ተማሪ የሚያመጣውም ይኸው ወሬ ነው።

ይህ መልእክት ፈጽሞ በይፋዊው ገጽ ላይ መውጣት የለበትም። ልጆች የት መንገድ ላይ፣ በስንት ሰዓት እንዳሉ ለማያውቁት ሰው ይነግራል። በደረት ባጅ ላይ ስም የሚነበብበት ፎቶም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ ማንነቱ የሚለይበት የልጅ ፎቶም የግል መረጃ ነው።

ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ ከቀጣዩ ምዝገባ በፊት ቅጹ ላይ «የልጄ ፎቶ ይለጠፍ / አይለጠፍ» የሚል ቦታ ይኑር፤ «አይለጠፍ» ያለውም ወላጅ ይከበር።