ጄኔሬተሩ በመዝገብ ላይ እንዴት ያረጃል?

አንድ ድርጅት ጄኔሬተር በ500,000 ብር ገዛ እንበል። አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በ50,000 ብር እንደሚሸጥ ተገምቷል። የጄኔሬተሩ ዋጋ በተገዛበት ዓመት በሙሉ ወጪ ተደርጎ አይያዝም፤ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ ይከፋፈላል። ይህ የእርጅና ቅናሽ ይባላል፤ ዓመት በዓመት የሚሰላውም በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ነው።

ብዙ መርማሪዎች የመዝገቡ ድምር ከሌጀሩ ጋር መግጠሙን አይተው ያልፋሉ። ሌጀሩ ግን ቁጥሩን የሚወስደው ከዚያው መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ከተሳሳተ ሁለቱም ተስማምተው ይሳሳታሉ። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከመነሻው ራስ አስልቶ ማየት ያስፈልጋል።

በቀጥተኛው ዘዴ ከ500,000 ላይ 50,000 ተቀንሶ የቀረው 450,000 ብር ለአምስት ይካፈላል፤ ዓመታዊ ቅናሹ 90,000፣ ወርሃዊው 7,500 ብር ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ስህተቱ የሚበዛው መነሻ ቀኑ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በርካታ ድርጅቶች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ቅናሹ የሚጀምረው ንብረቱ ለአገልግሎት ዝግጁ ከሆነበት ቀን ነው ይላል። የተገዛበት ወይም መጀመሪያ የተነሳበት ቀን መነሻ አይሆንም። ጄኔሬተሩ በኅዳር ተገዝቶ ተከላው ተጠናቆ ርክክብ የተፈጸመው ጥር 1 ከሆነ፣ ሰኔ 30 በሚዘጋው በጀት ዓመት የሚያዘው የስድስት ወር ቅናሽ፣ ማለትም 45,000 ብር ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ከግዢ ደረሰኙ ይልቅ የርክክብ ሰነዱን መጠየቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ስለሆነ የአምስቱ ዓመት ዕድሜ ስድስት በጀት ዓመታትን ይነካል። መጀመሪያ 45,000፣ ከዚያ አራት ጊዜ 90,000፣ በስድስተኛው ደግሞ 45,000 ይመዘገባል። በስድስተኛው ዓመት 90,000 ተጽፎ ከተገኘ የመዝገብ ዋጋው ወደ 5,000 ብር ወርዷል፤ ከተገመተው የመሸጫ ዋጋ በታች ማለት ነው። ይህን ለማግኘት የቅናሹን ዓምድ ከላይ እስከ ታች መደመር ይበቃል፤ ድምሩ ከ450,000 ማለፍ የለበትም።

ዋጋው እየቀነሰ የሚሄድበት ሁለተኛው ዘዴ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጠኑ የቀጥተኛው እጥፍ፣ ማለትም 40 በመቶ ይሁን፤ ነገሩን ለማቅለልም ጄኔሬተሩ ሐምሌ 1 ዝግጁ ሆነ እንበል። እዚህ 50,000ው በመጀመሪያ አይቀነስም፤ 40 በመቶው የሚሰላው በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ካለው የመዝገብ ዋጋ ላይ ነው። ቅናሾቹ 200,000፣ 120,000፣ 72,000 እና 43,200 ይሆናሉ። በአምስተኛው ዓመት መጀመሪያ 64,800 ብር ቀርቷል። የዚህ 40 በመቶ 25,920 ነው፤ ከ50,000 በታች እንዳይወርድ ግን የሚያዘው 14,800 ብቻ ነው።

ቀመሩን ሳይከፍቱ ስህተት የሚያጋልጥ አንድ መንገድ አለ፤ እኔም ከሁሉ በፊት የምጀምረው በእሱ ነው። የእያንዳንዱን ዓመት ቅናሽ ካለፈው ዓመት ቅናሽ ጋር ማካፈል ነው። መጠኑ 40 በመቶ ከሆነ፣ ከመጨረሻው ዓመት በስተቀር ውጤቱ ሁልጊዜ 0.6 መሆን አለበት። 1 ከመጣ ሒሳቡ በመዝገብ ዋጋው ፋንታ በግዢ ዋጋው ላይ እየተሰላ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ጄኔሬተሩ በሦስት ዓመት ተቀናንሶ ያልቃል። ውጤቱ 0.6 ሆኖ የመጀመሪያው ቅናሽ 180,000 ከሆነ ደግሞ የመሸጫ ግምቱ አስቀድሞ ተቀንሷል። በዓመቱ አጋማሽ የጀመረ ንብረት ግን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ዓመት ሲያልፍ 0.6 አይሰጥም፤ ይህ በራሱ ስህተት አይደለም።

ኤክሴል ላይ የሚያሳስቱ ሁለት ተመሳሳይ ቀመሮች አሉ፦

```
=DDB(500000,50000,5,1)
=DB(500000,50000,5,1)
```

የመጀመሪያው 200,000 ይሰጣል። ሁለተኛው መጠኑን ከመሸጫ ግምቱ ተነስቶ ራሱ ስለሚያወጣ (0.369) 184,500 ይሰጣል። ሁለቱም የዋጋ መቀነስን የሚከተሉ ናቸው፤ ድርጅቱ በሒሳብ ፖሊሲው የጻፈው መጠን የትኛው እንደሆነ ሳይታይ አንዱን ትክክል ነው ማለት አይቻልም።

ከተጠበቀው የወጣ ቁጥር ሁሉ ደግሞ ስህተት አይደለም። ወደ ቀጥተኛው ዘዴና በጥር ወደ ጀመረው ጄኔሬተር ስንመለስ፣ በሁለተኛው በጀት ዓመት መጨረሻ የመዝገብ ዋጋው 365,000 ብር ነው። ያኔ ባለሙያዎች መርምረው ገና አምስት ዓመት ያገለግላል ካሉ፣ የቀረው 315,000 ብር ለአምስት ተካፍሎ ዓመታዊው ቅናሽ ከ90,000 ወደ 63,000 ይወርዳል። ያለፉት ዓመታት ግን አይነኩም። መርማሪው ሊጠይቅ የሚገባው ለውጡን ያጸደቀውን ቃለ ጉባኤና ቀኑን ነው፤ ሰነዱ ከሌለ ቁጥሩን የቀየረው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል።