ማን ላከዎት?

ልጄ ከሥራ መልቀቋን የነገረችኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ላይ ነው። በአንድ የማስታወቂያና የኅትመት ድርጅት ሰባት ዓመት በግራፊክስ ዲዛይነርነት ሠርታለች። «ከዚህ በኋላ በግሌ ልሠራ ነው እማዬ» ስትለኝ ሁለተኛውን ጀበና መጣዴን እንኳ ረሳሁት። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት ደመወዝ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ወር ሲሞላ ፈርሞ ከመቀበል ሌላ የገንዘብ መንገድ አላውቅም። እሷ ደግሞ ቤት ተከራይታ የምትኖር የስድስት ዓመት ልጅ እናት ናት። ያጠራቀመችው የአራት ወር ኪራይ ብቻ መሆኑን የሰማሁት ደግሞ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ስልኳ ዝም አለ። ሥራዎቿን ሰብስባ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍታ ነበር፤ «በጣም ያምራል» የሚላት ሰው አልጠፋም፣ «ሥሪልኝ» የሚል ግን አልመጣም። እኔም በየቀኑ እየደወልኩ «ማመልከቻ አስገባሽ?» እያልኩ አሰለቸኋት።

የመጀመሪያውን ሥራ ያመጣላት ሰው ከቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ማሽኒስት የነበረ ነው። ከእሷ ሁለት ዓመት ቀድሞ ለቆ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ገብቷል። የኬክ ቤት ባለቤት የሆነ ሰው ካርቶን ላይ የሚለጠፍ 2,000 ስቲከር ሊያሳትም ይመጣል። ይዞት የመጣው ግን በቴሌግራም የተላከለትን የሎጎ ፎቶ ብቻ ነበር። ልጄ እንዳስረዳችኝ ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ምስል ይጨምቀዋል፤ ስልክ ላይ ጥሩ ቢመስልም ለኅትመት ተለቅ ሲል ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ከሩቅ የምናየው የታፔላ ጽሑፍ አንዳንዴ በደረጃ የተሠራ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኒስቱ በዚያ ፎቶ ቢያትም ባለቤቱ ተናድዶ ይመለሳል፤ አላትምም ቢል ደግሞ ማሽኑ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ ደወለላት። እሷም ሎጎውን ያንኑ ምሽት ቢሰፋም ቢጠብም በማይበላሽ መልኩ እንደ አዲስ ሥላ፣ ቀለሙን ለኅትመት ወደሚሆኑት አራት ቀለሞች ለውጣ፣ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር በዙሪያው ሦስት ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምራ ሰጠችው። የግዕዝ ፊደሉንም ወደ ቅርጽ ቀየረችው። ይህ ካልተደረገ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ያ የፊደል ዓይነት ከሌለው አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወይም በላቲን ተዘበራርቆ ይወጣል። 1,500 ብር ተከፈላት።

ገንዘቡ ትንሽ ነው። እሷ ግን ከገንዘቡ በላይ የተረዳችው ነገር አለ። ሥራ የሚልክላት ሰው የእሷን ችሎታ የሚያደንቅ ብቻ ሳይሆን፣ እሷ በመኖሯ የራሱ ሥራ የሚቃናለት ነው። እስከዚያ ድረስ ትጠይቅ የነበረው ሌሎች ዲዛይነሮችን ነበር። እነሱ ትርፍ ሥራ ካላቸው ይልካሉ እንጂ ብዙውን ጊዜ እነሱም ፈላጊዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ደብተር አውጥታ በሰባቱ ዓመት አብረዋት የሠሩትን 23 ሰዎች ጻፈች። በቅድሚያ የመረጠችው በሥራ ቅብብሉ ከእሷ በፊትና ከእሷ በኋላ የነበሩትን ነው፦ ደንበኛ የሚያመጣውን የገበያ ሠራተኛ፣ ማሽኒስቶቹን፣ ጠራዡን፣ ታፔላ የሚሠራውን ብረት በያጅ፣ ወደ ሌላ ድርጅት የተዛወረችውን ገንዘብ ያዥ። ለየብቻ መደወል ጀመረች።

ጥሪዎቹን አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ። በመጀመሪያ «የዲዛይን ሥራ ካገኘህ አስታውሰኝ» ነበር የምትለው። ሁሉም «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። እዚህ ላይ ሙያዬ ተናገረ። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ሁለት ዓይነት የሪፈር ወረቀት ይመጣ ነበር። አንዱ «ለተሻለ ሕክምና» ይልና ያበቃል፤ ታካሚው ማን ዘንድ እንደሚገባ ሳያውቅ ኮሪደር ላይ ይውላል። ሌላው ዕድሜውን፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደተሰጠው፣ ምን ተፈልጎ እንደተላከ ይናገራል፤ ያ ሰው ቀጥታ ትክክለኛው ክፍል ይገባል። «አንቺ የምትሰጪያቸው ባዶ ወረቀት ነው» አልኳት። ስቃ ዝም አለች፤ የሚቀጥለው ጥሪ ላይ ግን እንዲህ አለች፦ «ሎጎ ኖሮት ፋይሉ የጠፋበት፣ ወይም አዲስ ቤት ከፍቶ ታፔላና ካርድ የሚፈልግ ሰው ከመጣ ስልኬን ስጠው። ለትንንሽ ቤቶች ነው የምሠራው፤ በሦስት ቀን አደርሳለሁ።» ጆሮ ላይ የሚቀር ነገር ይህ ነው። ዳቦ ቤት የሚከፍት ዘመድ ያለው ሰው ወዲያው ትዝ ይለዋል።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ስድስት ሥራ መጥቶላት ነበር፤ አራቱ ከሁለት ማሽኒስቶች። በእኛ አገር ልማድ «ኮሚሽኔስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናንተም ታውቃላችሁ። አንዱ ጠየቃት። ገንዘብ ከሰጠች ያገኘውን ሁሉ እየላከ ዋጋውንም ያስወድድባታል ብላ ሰጋች። በምትኩ የራሷ ደንበኞች የሚያሳትሙትን ወደ እሱ ማተሚያ ቤት እንደምትልክ፣ ፋይሉንም አጣርታ እንደምትሰጠው ነገረችው። ተስማማ። ዛሬም የሚሠሩት እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ከእኔ ጋር በአንድ ዋርድ ለዓመታት የሠራች ጓደኛዬ ልጆቿ ክሊኒክ ሊከፍቱ ነበር። እኔ በኩራት ልጄን አገናኘኋት። ሥራው ታፔላ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ፓድ፣ የታካሚ ካርድና 1,000 ቢዝነስ ካርድ ነው። የዲዛይኑ ዋጋ 18,000 ብር፣ የኅትመቱ ለብቻ። ልጄ ለሌላ ደንበኛ አንድ ገጽ ወረቀት ታዘጋጃለች፦ ምን ምን እንደምትሠራ፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚፈቀድ (ሁለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ ይከፈልበታል)፣ መቼ እንደምታስረክብ፣ ግማሹ ቀብድ እንደሆነ። ከማተሟ በፊት ደግሞ ናሙናውን በወረቀት አውጥታ ደንበኛው እያንዳንዱን ቁጥርና ስም አንብቦ እንዲፈርምበት ታደርጋለች። «ከእኔ ጓደኛ ቀብድ ትቀበያለሽ? ልታስፈርሚያት ነው?» ብዬ ያስተውኳት እኔ ነኝ። የክሊኒኩን ስልክ ቁጥርም በቃል የነገርኳት እኔው ነኝ።

ካርዱ ታትሞ መጣ። ጓደኛዬ አንዱን አንስታ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ይሄ ቁጥር የእኛ አይደለም» አለች። ከመጨረሻው ሦስተኛዋን አኀዝ አዛብቼ ነበር። ማዘዣውም፣ የታካሚ ካርዱም ያችን ስህተት ይዘው ታትመዋል። ናሙና ላይ ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ያኔ ይገኝ ነበር፤ ባይገኝም እንኳ ማን እንደሚከፍል ይታወቅ ነበር። ልጄ አንድ ቃል ሳትናገር በራሷ ወጪ አሳተመች፤ 7,400 ብር ወጣ። ቀብድ ስላልተቀበለች ከኪራይ ገንዘቧ ነው የከፈለችው። ክሊኒኩ የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ማዘዣው ገና ማሽን ላይ ነበር። ጓደኛዬም ለወር ያህል ስልክ ስደውል «ሥራ ላይ ነኝ» ከማለት በቀር አላዋራችኝም። ሰው ስትልክ የራስህንም ስም አብረህ እንደምትልክ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ ከዚያ በኋላ አጎቷንም ታስፈርማለች፤ እኔም አልናገርም።

ሁለተኛው መንገድ እድራችን ነበር። የእድሩ ጸሐፊ የአባላት ደብተር ሊያሳትሙ እንደሆነ ነገሩኝና «ያው ልጃችን ናት» አሉ። በነፃ ማለታቸው ነው። ልጄ ተቀበለች፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጀርባው ሽፋን ግርጌ ስሟና ስልኳ በትንሹ እንዲገባ ተስማምታ። ደብተሩ ወደ 180 ቤት ገባ። ከዚያ የመጡት ሁለት ሥራዎች ብቻ ናቸው፦ የልብስ ስፌት ቤትና አንድ መዋዕለ ሕፃናት። በነፃ የሚጠይቋት ግን ብዙ ሆኑ፤ የልደት ካርድ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የሰባት ዓመት ሙት ዓመት ማስታወሻ። «ለእድሩ በነፃ፣ ለአባላቱ በዋጋ» የምትለውን መልስ አውጥታ ትስቃለች፤ አንዳንዶቹ ግን እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል።

መዋዕለ ሕፃናቱ ሌላ ነገር አስተማራት። ሥራው ተጠናቆ ክፍያ ሲደርስ ሒሳብ ክፍሉ «ደረሰኝ» አለ። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ገና አላወጣችም ነበር። ገንዘቡ ፈቃዷን እስክታወጣ ድረስ ተይዞ ቆየ። ዳቦ ቤትና ፀጉር ቤት በቴሌብር ከፍለው ይሸኛሉ፤ ትምህርት ቤትና ድርጅት ግን ያለ ደረሰኝ አይከፍልም። ይህንን ወረቀት ከመልቀቋ በፊት ብታስጨርስ ኖሮ ያን ወር ከእኔ ጡረታ ባልተበደረች።

አንድ ቀን ደግሞ የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ደንበኛ የሆነ ሰው ደውሎ «በግልሽ ሥሪልኝ፣ እዚያ ይወደዳል» አላት። ሦስት ቀን አሰበች። እኔ ተቀበዪ ባይ ነበርኩ፤ ኪራይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን የቀድሞ አለቃዋ ጋ ደውላ እንደተጠየቀች ነገረችው። ሰውየው ቆይቶ «እሱን ተዪው፤ እኛ የማንይዛቸውን ትንንሾቹን ግን ልላክልሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው ልኮላታል።

ደብተሯ ላይ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ «ማን ላከ» የሚል መስመር አለ። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠረችው፦ 31 ሥራ፣ ከነዚህ 14ቱ ከዚያ ከመጀመሪያው ማሽኒስት። ደስ ሲላት እኔ ደነገጥኩ። እንደፈራሁትም ሰውየው በክረምቱ ወደ ሐዋሳ ተዛወረና ሐምሌና ነሐሴ ሁለት ሥራ ብቻ አገኘች። ደብተሩን እንደገና ከፍታ ከ23ቱ ሰዎች ውስጥ ጨርሶ ያልደወለችላቸውን ዘጠኝ ሰዎች አገኘች። ከእነሱ አንዷ ያቺ ገንዘብ ያዥ ናት፤ አሁን የምትሠራው ቡና ቆልቶ በሚያሽግ ድርጅት ነው። የግማሽ ኪሎና የሩብ ኪሎ ከረጢት ዲዛይን የመጣው በእሷ በኩል ነው።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ከክሊኒኩ ደወለችልኝ። የማዘዣው ፓድ አልቋል፤ ሁለተኛ ዙር ሊያሳትሙ ነው። «ልጅሽን ላኪልኝ» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «ቁጥሩን ግን እኔው እጽፍላታለሁ» አለች።