የአሳንሰሩ በር ሲዘጋ ጥሪው የት ይሄዳል?

ሁለት የሥራ ባልደረቦች ቦሌ አካባቢ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በየስልካቸው እያወሩ አሳንሰር ገቡ እንበል። የሁለቱም ሲም ካርድ የአንድ ኩባንያ ነው። አንዷ የያዘችው በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚያስደውል አዲስ ስማርት ስልክ ሲሆን፣ የሌላው ደግሞ ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ነው። በሩ ገጠም ሲል የሁለቱም ወሬ ተቆራረጠ። ከዚያ በኋላ ግን ዕጣቸው ተለያየ። የአዲሱ ስልክ ጥሪ እዚያው ተቋረጠ፤ አሮጌው ጥቂት ሰከንዶች ጸጥ ብሎ ቆየና መሬት ደርሰው በሩ ሲከፈት «ሃሎ! ሃሎ!» የሚለው ድምፅ ተመልሶ መጣ።

የዘጋቸው ሳጥን አንድ ነው። ብረት የሞባይልን ሞገድ መልሶ ያነጥራል፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በበሩ ክፍተትና በአየር ማስገቢያው የሚሾልከው ጥቂቱ ብቻ ነው። የቴሌኮም መሐንዲሶች ይህን ብክነት በዴሲቤል ይለኩታል፤ 10 ዴሲቤል በቀነሰ ቁጥር የሚተርፈው የኃይሉ አንድ አሥረኛ ነው። የአሳንሰር ክፍል 20 ወይም 30 ዴሲቤል ሊወስድ ይችላል። ይህም ማለት ሎቢው ላይ ከነበረው ሞገድ ወደ ውስጥ የሚገባው ከመቶ አንድ፣ አንዳንዴም ከሺህ አንድ እጅ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዳው የትኛው ወገን ነው? ብዙ ጊዜ ከስልኩ ወደ ማማው የሚሄደው ድምፅ ነው። ማማው ላይ ያለው መሣሪያ በአሥር ዋቶች በሚቆጠር ኃይል ሲያሠራጭ፣ በአራተኛው ትውልድ የሚሠራ ስልክ ግን ቢበዛ ወደ 0.2 ዋት ገደማ ነው የሚያወጣው። ማማው ላይ ያለው ተቀባይ የላቀ ስለሆነ ልዩነቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። አሳንሰር ውስጥ ያለው ሰው የሌላውን ድምፅ ጥርት አድርጎ እየሰማ፣ ከወዲያ በኩል «አይሰማም፣ ይቆራረጣል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የመቆራረጡ ድምፅም የራሱ ምክንያት አለው። ስልክ ንግግርን እንደ ጅረት አያፈስም፤ እያንዳንዳቸው 20 ሚሊ ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ከፍሎ በሰከንድ 50 ጊዜ ይልካል። አንዱ ቁራጭ መንገድ ላይ ቢቀር ተቀባዩ ስልክ የቀደመውን ትንሽ ለጠጥ አድርጎ ክፍተቱን ይሸፍነዋል፤ ጆሮም አያውቅም። በተከታታይ ብዙ ሲቀሩ ግን የተለጠጠው ድምፅ ብረት ብረት ማለት፣ እንደ ሮቦት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ክፍተቱ ከረዘመ ስልኩ መሸፈኑን ትቶ ዝም ይላል።

እስካሁን ያየነው የሞገዱን መድከም ነው። ጥሪን የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ርክክቡ ነው። ስልክ እየተንቀሳቀሰ ሲሄድ አንዱ አንቴና ለሌላው ያስረክበዋል፤ እንደ ዱላ ቅብብል ሯጮች ሁሉ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ለጥቂት ጊዜ አብረው መገኘት አለባቸው። ሂደቱ እንዲህ ነው። ስልኩ በንግግር መሃል የጎረቤት አንቴናዎችን ጉልበት ሳያቋርጥ ይለካል። አንዱ ጎረቤት አሁን ከሚያገለግለው ለምሳሌ በ3 ዴሲቤል በልጦ፣ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያህል በልጦ ከቆየ፣ ስልኩ ለነባሩ አንቴና ሪፖርት ይልካል። ነባሩ ከአዲሱ ጋር ተነጋግሮ ቦታ ያስይዛል፤ ከዚያም «ወደ እሱ ሂድ» የሚል ትእዛዝ ለስልኩ ይልካል። ስልኩ ከአሮጌው ተላቆ አዲሱን ሲይዝ የሚፈጠረው ክፍተት 50 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ሁለት ሦስት የድምፅ ቁራጭ ቢጠፋ ነው። መኪና ውስጥ ሆኖ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ እያወራ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሻገር ምንም አይሰማውም።

ከእነዚህ ደረጃዎች ሁለቱ፣ ሪፖርቱም ትእዛዙም፣ የሚያልፉት በደከመው በነባሩ አንቴና በኩል መሆኑ ነው ችግሩ። ወደ አዲሱ ስልክ እንመለስ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስክሪኑ ‑90 dBm ያሳይ ነበር እንበል፤ ደህና የሚባል ነው። በሩ ሲዘጋ 25 ተቀንሶ ‑115 ላይ ወረደ፤ ለመነጋገር ጠርዝ ላይ ነው። ክፍሉ ወደ ታች ሲንሸራተት ያ አንቴና ይበልጥ ደከመ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላ አንቴና ደግሞ በለጠ። ስልኩ ሪፖርቱን ላከ፤ አልደረሰም። ወይም ደረሰና የመልሱ ትእዛዝ መንገድ ላይ ቀረ። የሚሻለው አንቴና ተገኝቶ ሳለ ወደዚያ የሚያሻግር ጠፋ።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ስልኮች ልዩነት የሚወጣው። በአራተኛው ትውልድ ስልኩ ግንኙነቱ መጥፋቱን ካስተዋለ በኋላ ሰዓት ይቆጥራል፤ ብዙ ኔትወርኮች ላይ ይህ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ሲያልፍ ሌላ አንቴና ፈልጎ ግንኙነቱን እንደገና ለመቀጠል ይሞክራል፤ ካልተሳካለት ጥሪው ያበቃል። የሁለተኛው ትውልድ ስልክ ግን ታጋሽ ነው። ከአንቴናው የሚመጣውን የቁጥጥር መልእክት በየግማሽ ሰከንዱ እየጠበቀ፣ አንዱ ባለፈው ቁጥር ነጥብ ይቀንሳል፤ ነጥቡ እስኪያልቅ እንደ ኔትወርኩ አሠራር 10 ሰከንድ ያህል ሊወስድ ይችላል። በ900 ሜጋኸርዝ ሲሠራ ደግሞ እስከ 2 ዋት ማውጣት ይችላል። ሦስት ፎቅ የሚወርድ አሳንሰር ከ10 ሰከንድ በታች ስለሚፈጅበት አሮጌው ስልክ ሳይሞት በሩ ተከፈተለት። ሕንፃው 20 ፎቅ ቢሆን ኖሮ እሱም አይተርፍም ነበር።

ቤዝመንት ከዚህ ይለያል። እዚያ ሞገዱ የሚወርደው በመኪና መውረጃውና በደረጃው በኩል ነው፤ ብረት የተቀበረበት ኮንክሪትና ዙሪያውን ያለው አፈር ቀሪውን ይውጠዋል። መኪናው የመውረጃውን መታጠፊያ ሲያልፍ ጥሪው የሚጠፋው የሚረከብ አንቴና ከታች ስለሌለ ነው። መፍትሔውም ግልጽ ነው፤ ከኔትወርኩ መሣሪያ በኬብል የተሳቡ ትንንሽ አንቴናዎችን በየወለሉ መትከል።

ሆኖም አንቴና መትከል ብቻውን አይበቃም፤ የሚተከልበት ቦታም ወሳኝ ነው። ጥሩ የሚነድፉ መሐንዲሶች ርክክቡ በሩ ላይ እንዳይሆን ይጠነቀቃሉ። የአሳንሰሩን ጉድጓድና በየፎቁ ያለውን የአሳንሰር መጠበቂያ በአንድ አንቴና ሥር ያደርጋሉ፤ ሰውየው በሩን እየጠበቀ ሳለ ርክክቡ ተፈጽሞ ያልቃል። ለቤዝመንትም እንዲሁ፣ የውስጡ ሞገድ እስከ መውረጃው አፍ ድረስ እንዲወጣ ይደረጋል።

በዋይፋይ መደወልም ያግዛል፤ ስልኩም ኩባንያውም የሚፈቅዱት ከሆነና ቤዝመንቱ ውስጥ ዋይፋይ ካለ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የሚያወራ ሰው ግን ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲሻገር የኢንተርኔት አድራሻው ስለሚለወጥ፣ መተግበሪያው መንገዱን እስኪያገኝ ጥቂት ሰከንድ ጸጥታ ሊሰማ ይችላል።

የሕንፃ አስተዳዳሪ ችግሩ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ቢፈልግ መሣሪያ መግዛት አይጠበቅበትም። አሳንሰሩ ውስጥ ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ ክፍሉ በቆመበት፣ አዲስ ጥሪ ይሞክር። በአይፎን *3001#12345#* ብሎ ቢደውል የሞገዱን ልክ በቁጥር ያያል፤ በአንድሮይድ ደግሞ ስለ ስልኩ በሚናገረው የሴቲንግ ክፍል ውስጥ የሲሙ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ጥሪው ካልወጣ የጎደለው ሞገድ ነው፤ አንቴና ያስፈልጋል። ጥርት ብሎ ከወጣ ግን ሞገዱ በቂ ነው ማለት ነው፤ ገብተው ሲወጡ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ለኔትወርክ ኩባንያው መነገር ያለበት የርክክቡ ችግር ነው። ይህኛውን ኩባንያው አንዳንድ ጊዜ አዲስ ዕቃ ሳይተክል፣ ስልኩ ቀደም ብሎ ሪፖርት እንዲልክ ቅንብሩን በመቀየር ብቻ ሊያስተካክለው ይችላል።