«ቼክ» ምኑን?

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ከፋይናንስ ኃላፊው በቴሌግራም አንድ የኤክሴል ፋይል ይመጣል። የመስከረም 2018 ፔሮል ነው። ከሥሩ አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋለች፦ «ቼክ»። ተቀባይዋ ወጣት የሂሳብ ባለሙያ ናት። ፋይሉን ስትከፍተው የሠላሳ ስምንት ሠራተኞች ስም ከረድፍ 7 እስከ ረድፍ 44 ተደርድሯል፤ ደመወዝ፣ የገቢ ግብር፣ ጡረታ፣ የተጣራ ክፍያ፣ ከታች ደግሞ ጠቅላላ ድምር። «እሺ» ብላ ትጀምራለች። ምኑን እንደምታይ ግን ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ፋይሉን ለዚህ ጽሑፍ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። በውስጡ ያሉት ስህተቶች ግን በየቢሮው የሚገኙ ናቸው፤ ፔሮል ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለያቸዋል። ሦስቱም በመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ላይ ናቸው። በእነዚህ ረድፎች ላይ ያሉት በዚያው ወር የተቀጠሩ ሁለት ሠራተኞች ሲሆኑ የእያንዳንዳቸው ደመወዝ 12,000 ብር ነው።

ባለሙያዋ መጀመሪያ የምታየው ድምሩን ነው፤ አብዛኞቻችን «ቼክ» ስንባል እጃችን የሚሄደው ወደዚያ ነውና። የጠቅላላ ክፍያው ሴል ላይ ስትጫን ይህን ታገኛለች፦

```
=SUM(J7:J42)
```

ሁለቱ አዲስ ሠራተኞች በረድፍ 43 እና 44 ላይ ስለሆኑ ድምሩ አልደረሰባቸውም። ስማቸው ከዝርዝሩ መጨረሻ ሲጨመር ፎርሙላው ባለበት ቀርቷል ማለት ነው። ዝርዝሩ ላይ የሁለቱ የተጣራ ክፍያ ለእያንዳንዳቸው 8,460 ብር ስለሚል ድምሩ በ16,920 ብር ጎድሏል። እሷም 42ን ወደ 44 ቀይራ፣ የቀሩትንም ዓምዶች አይታ «ቼክ አድርጌዋለሁ» ብላ ትመልሳለች። ቃሏም ሥራዋም እውነት ነው። ችግሩ፣ ይህ ስህተት እሷ ባትይዘውም መያዙ አይቀርም ነበር። ለባንኩ በሚላከው ደብዳቤ ላይ ያለው ጠቅላላ ድምር ከስም ዝርዝሩ ጋር ስለማይገጥም ባንኩ ራሱ ይመልሰዋል። የቀሩትን ሁለቱን ግን ባንኩ ሊያያቸው አይችልም።

አሁን ያው ፋይል ግብር ለሚያውቅ ሌላ ሰው ይድረስ እንበል። ይህኛው ድምሩን ትቶ የግብሩን ዓምድ ይፈትሻል። ሴል በሴል እየነካ አይደክምም፤ Ctrl እና ` የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን ሺቱ ላይ በቁጥሮቹ ፈንታ ፎርሙላዎቹ ይወጣሉ። የሠላሳ ስድስቱ ሠራተኞች ፎርሙላ አንድ ዓይነት ነው። የሁለቱ አዲሶች ግን ከሌላ ፋይል የተገለበጠ ይመስላል፤ መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

```
G43*35%-1500
```

ይህ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ የነበረው የላይኛው እርከን ነው፤ ከ10,900 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ ይገባበት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ እርከኖቹን ቀይሯል፤ በአዲሱ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው ደመወዝ በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ብር ይቀነስለታል። በአሮጌው ስሌት የ12,000 ብር ደመወዝ ግብር 2,700 ብር ነው፣ በአዲሱ 2,250። የ450 ብር ልዩነት አለ ማለት ነው። 7 በመቶው የሠራተኛው ጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 840 ብር፣ ሲነሳ የተጣራው ክፍያ 8,460 ሳይሆን 8,910 ብር መሆን ነበረበት። ፎርሙላው ደግሞ በሒሳብነቱ አንዳች እንከን የለበትም፤ ሲባዛም ሲቀነስም ትክክል ነው። የተሳሳተው ሕጉ ነው። ስለዚህ ማባዛትና መደመሩን ብቻ ያየ ሰው መቼም አያገኘውም።

ሦስተኛውን ስህተት ደግሞ ፋይሉን ቀኑን ሙሉ ቢያገላብጡት አይገኝም። ከሁለቱ አንዱ ሠራተኛ ሥራ የጀመረው መስከረም 16 ነው። ወራችን ሠላሳ ቀን መሆኑ ሒሳቡን ያቀለዋል፤ የሚገባው የወሩ ግማሽ፣ 6,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ግብሩ 700፣ ጡረታው 420 ሲቀነስ በእጁ የሚገባው 4,880 ብር ይሆናል። ዝርዝሩ ላይ ግን 8,460 ብር ተይዞለታል፤ 3,580 ብር ብልጫ ነው። ይህን የሚያውቀው የቅጥር ደብዳቤው ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ያለው ደግሞ በሰው ኃይል ክፍሉ ፋይል ውስጥ እንጂ በኤክሴሉ ውስጥ አይደለም።

እንግዲህ አንዲቷ ቃል ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይዛለች። ድምር ማየት አንድ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ግብሩን ከአዋጁ ጋር ማስተያየት ሠንጠረዡን ከፊት ይዞ መቀመጥ ይጠይቃል። ከደብዳቤ፣ ከፈቃድና ከትርፍ ሰዓት ቅጽ ጋር ማመሳከር ደግሞ የሰው ኃይል ክፍሉን በር ማንኳኳትና ግማሽ ቀን መስጠት ነው። ላኪው ከሦስቱ የትኛውን ፈለገ? ምናልባት የሰው ኃይል ክፍሉ ደብዳቤዎቹን አመሳክሮ ጨርሷልና የቀረው ድምሩ ብቻ ነው። ምናልባትም ድምሩን እሱ ራሱ አይቶ ስለ አዲሱ እርከን ጥርጣሬ ገብቶታል። በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሆኖ በአንድ አውራ ጣት የጻፈውም ግልጽ ስለሆነለት ነው። ከፋይሉ ጋር ግን ያ ሐሳብ አብሮ አልተላከም።

የሚገርመው፣ የወረቀቱ ፔሮል ይህን ጥያቄ በከፊል መልሶት ነበር። ከግርጌው «ያዘጋጀው»፣ «የመረመረው»፣ «ያጸደቀው» የሚሉ ሦስት የፊርማ ቦታዎች ነበሩት፤ አሁንም በብዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ሁለተኛው ላይ የሚፈርም ሰው ሰነዶቹ በክላሰር ተያይዘው ይመጡለት ስለነበር ከምን ጋር እንደሚያመሳክር አይጠፋውም። በቴሌግራም የሚመጣው ፋይል ክላሰሩን አይዞም። ፊርማው ግን አሁንም ይጠየቃል፣ ተጠያቂነቱም አብሮ አለ።

ይህ የደመወዝ ክፍል ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካርመን ራይንሃርት እና ኬነዝ ሮጎፍ የተባሉ ሁለት ስመ ጥር የኢኮኖሚ ምሁራን አንድ ጥናት አወጡ። የመንግሥት ዕዳቸው ከዓመታዊ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ የበለጸጉ አገሮች አማካይ ዕድገታቸው ከዜሮ በታች፣ ማለትም በ0.1 በመቶ መቀነስ ነው ይላል። ጥናቱ ወጪ ይቀነስ በሚሉ ፖለቲከኞች ዘንድ ብዙ ተጠቅሷል። በ2013 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን የኤክሴል ፋይሉን ከደራሲዎቹ ጠይቆ አገኘ፤ ከሁለት መምህራኑ ጋርም መረመረው። አማካዩን የሚያወጣው ፎርሙላ እስከ ረድፍ 49 መሄድ ሲገባው ረድፍ 44 ላይ ቆሟል። አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጅየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ከሒሳቡ ወጥተዋል። ከላይ ካየነው ድምር ጋር አንድ ዓይነት ስህተት ነው።

ዓለም የሚያስታውሰው ይህን የፎርሙላ ስህተት ነው፤ ለመሳቅም ይመቻል። እነ ሄርንደን ግን አማካዩን 2.2 በመቶ ሲያደርሱት ፎርሙላው ብቻውን የነበረው ድርሻ 0.3 ነጥብ ብቻ ነበር። የቀረው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አንዱ፣ የአንዳንድ አገሮች የተወሰኑ ዓመታት በሒሳቡ ውስጥ አለመግባታቸው። ሌላው የአማካይ አወሳሰዱ፦ ብሪታንያ ከፍ ባለ ዕዳ ያሳለፈቻቸው 19 ዓመታት እና የኒውዚላንድ አንድ ዓመት እኩል ክብደት ተሰጥቷቸዋል። የብሪታንያ ዓመታት አማካይ ዕድገት 2.4 በመቶ ነው፣ የኒውዚላንድ ያቺ አንዲት ዓመት ግን የ7.6 በመቶ ማሽቆልቆል ያለባት ነበረች። ደራሲዎቹ የኤክሴሉን ስህተት አምነዋል፤ የአማካዩን አወሳሰድ ግን ተከራክረውለታል። ያን ፋይል «ቼክ» ተብሎ የተቀበለ ሰው ረድፉን አርሞ በኩራት ሊመልሰው ይችል ነበር፤ ትልቁ ነገር ሳይነካ።

ወደ ባለሙያዋ እንመለስ። አለመጠየቋ ከስንፍና አይደለም። አለቃን «ምኑን?» ብሎ መመለስ አለማወቅ፣ አንዳንዴም ድፍረት ይመስላል። ደግሞ ባዶ «ምኑን ልየው?» ላኪውን እንደገና ያደክመዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ሁሉንም» ነው፣ እሱም ከ«ቼክ» አይሻልም። የሚሻለው ፋይሉን አምስት ደቂቃ ከፍቶ አይቶ ካዩት ተነስቶ መጠየቅ ነው፦ «ደርሶኛል። ሁለት አዲስ ሠራተኞች ተጨምረዋል። ስሌቱንና ግብሩን ብቻ ልየው ወይስ ከቅጥር ደብዳቤዎቹ ጋርም ላመሳክረው? ማመሳከሩ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ይወስድብኛል። ስህተት ካገኘሁ እዚያው ላርመው ወይስ ቀለም ቀብቼ ልላክልዎ?» ይህን «ሁለቱንም፤ አታርሚ፣ ቀቢ» በሚሉ ሦስት ቃላት መመለስ ይቻላል፤ በስብሰባ መሀልም ቢሆን። ፋይሉን ገልጣ ማየቷም ከጥያቄው ይታወቃል።

የመጨረሻዋ ጥያቄ፣ ላርመው ወይስ ላመልክት የምትለው፣ ብዙ ሰው የሚዘላት ናት። ባለሙያዋ 42ን ወደ 44 ስትቀይር በእሷ ስልክ ላይ ያለው ፋይል ታረመ። ኃላፊው እጅ ያለው የመጀመሪያው ነው። ያዘጋጀው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ያለውም እንዲሁ፤ በሚቀጥለው ወር የሚገለበጠው ደግሞ እሱ ነው። የታረመው ስህተት በጥቅምት ተመልሶ ይመጣል። ምን እንደተቀየረ በአንድ መስመር ካልተጻፈ በቀር ከሁለቱ ፋይሎች የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ ለመለየት ሌላ ፍተሻ ሊያስፈልግ ነው።

ጥያቄ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። በየወሩ ያው ሰው ያንኑ ፋይል ለዚያችው ባለሙያ የሚልክ ከሆነና ምን እንደምታይ አንዴ ከተስማሙ «ቼክ» በቂ ነው። ልማዱ ግን የሚሠራው ፋይሉ ካለፈው ወር ጋር ሲመሳሰል ነው። አዲስ ሰው፣ አዲስ አዋጅ ወይም አዲስ ዓምድ ሲገባ ስምምነቱ ያላሰበው ነገር ገብቷልና ያንን ለይቶ መጠየቅ ይገባል።

ላኪው ስልክ ሳያነሳ፣ ባንኩም ሊዘጋ ሲል ግን የሚቀረው መልሱን በልኩ መጻፍ ነው፦ «ድምሩንና የግብሩን ፎርሙላ አይቻለሁ። ረድፍ 43 እና 44 በድምሩ አልገቡም፣ ግብራቸውም በአሮጌው እርከን ነው የተሠራው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የትርፍ ሰዓትና የባንክ ሂሳብ ቁጥር አላየሁም። ፋይሉ ላይ ምንም አልቀየርኩም።» ኃላፊው ይህን አንብቦ ደብዳቤዎቹን የሚያይ ሰው ከመላኩ በፊት ቢፈርም፣ ምን ሳይታይ እንደፈረመ ያውቃል።