ማን ከማን ጋር ይቀመጥ?

18 ሠራተኞች ያሉት አንድ የማውቀው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጀማሪ ሠራተኞቹ መካሪ ሊመድብ ወሰነ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ «አንተ ከእሷ፣ አንቺ ከእሱ» እያለ በ10 ደቂቃ ጨረሰው፤ ሁሉም አጨበጨበ። ከሦስት ወር በኋላ ሲጣራ ከአንድ ጊዜ በላይ የተገናኘ ጥንድ አልነበረም። ነገሩ የስንፍና አይደለም። ለሂሳብ ሠራተኛዋ የተመደበላት ሰው አብዛኛውን ወር መስክ ላይ ነው። ለአስተባባሪው የተመደበለት ደግሞ የገዛ አለቃው ነበር። ዓመታዊ የሥራ ግምገማህን ለሚሞላ ሰው «ይህን አልችልም» ብለህ ደካማ ጎንህን የምታወጣለት እንዴት ነው?

በዓመቱ እንደገና ሲጀምሩ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ የተጣለው የቀድሞው ቅጽ ነው። «ዓላማህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም «ራሴን ማሳደግ» ብሎ ሞልቷል፤ በዚህ መልስ ማንንም ከማንም ማጣመር አይቻልም። ጥያቄው «ዛሬ ብቻህን የማትሠራው፣ ከስድስት ወር በኋላ ግን ብቻህን ልትሠራው የምትፈልገው አንድ ሥራ ምንድን ነው?» በሚል ሲተካ መልሱም ተለወጠ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ለለጋሾች የሚላከውን የፋይናንስ ሪፖርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማዘጋጀት ፈለገች። የመስክ ሠራተኛው የፕሮጀክት ሐሳብ መጻፍ መማር ፈለገ። አዲሱ አስተባባሪ ደግሞ ትናንት አብረውት ሻይ ይጠጡ የነበሩ አምስት ሰዎችን ዛሬ እንዴት እንደሚመራ ጨንቆታል።

ልምድን በአገልግሎት ዘመን መለካትም ተቀየረ። 20 ዓመት የሠራ ሰው ተመካሪው የሚፈልገውን ሥራ በእጁ ሠርቶት ላያውቅ ይችላል፤ ወይም የሠራው ዘመኑ ያለፈበት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መካሪዎቹ የተጠየቁት «ይህን ሥራ ራስዎ ሠርተውታል? ለመጨረሻ ጊዜስ መቼ?» ተብለው ነው።

ከሁሉም ያስቸገረው ጊዜ ነው። አንድን ትልቅ ሰው «ለዚህች ልጅ ጊዜ ይኖርዎታል?» ብለህ ብትጠይቅ ይሉኝታ አለና «እንዴታ!» ነው የሚልህ። ስለዚህ «ጊዜ አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ያለፉት አራት ሳምንታት ተጠየቁ፤ በየትኞቹ ቀናት ቢሮ ነበሩ፣ በየትኞቹ መስክ ወጡ፣ ቅዳሜስ የት ዋሉ? ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ሊጠበቅ የሚችል አንድ ሰዓት ተፈለገ።

አሁን ሦስቱን ተመካሪዎች ከሦስት መካሪዎች ጋር እናጣምራቸው። አንደኛው መካሪ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡና አሁን የቦርድ አባል የሆኑ የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው። ሦስተኛዋ ዋሽንግተን የምትኖር፣ ፕሮጀክት መጻፍ እንጀራዋ የሆነ የድርጅቱ ወዳጅ ናት፤ የምትመቸው በእሷ አቆጣጠር ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ዓላማቸው ለመግጠሙ እስከ 3፣ ለልምዱ እስከ 3፣ በድምሩ ከ6 ነጥብ ተሰጠ። ለጊዜ ግን ነጥብ አልተሰጠም። የጋራ ሰዓት የሌላቸው ጥንዶች ዓላማቸውም ልምዳቸውም ቢገጥም ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ጊዜን ከሌሎቹ ጋር በነጥብ ብትደምረው፣ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ሰዎች በሌላው ነጥባቸው ብቻ አንደኛ ሊወጡ ይችላሉ። አለቃና ምንዝርም በዚሁ መንገድ ከዝርዝሩ ይሰረዛሉ።

ሰው በተፈጥሮው ከትልቁ ነጥብ ይጀምራል። ትልቁ የሂሳብ ሠራተኛዋና የጡረተኛው ነው፤ 6 ከ6። ቀጥሎ የመስክ ሠራተኛው ከዋሽንግተኗ ጋር 5 አላቸው። ሁለቱ ጥንዶች ተጻፉና ሁሉም ደስ አለው። የቀረው አስተባባሪው ነው፤ የቀረለት መካሪ ግን ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ማለትም የቅርብ አለቃው ሆኖ ተገኘ። እንደገና ተጀመረ። የመስክ ሠራተኛውን ለምክትሉ ብንሰጠው 4 ይሆናል፤ አስተባባሪውን ወደ ዋሽንግተን ብናዞረው ሰው መርታ የማታውቅ ባለሙያ ስለሆነች 2 ብቻ ነው። ድምሩ 12፣ አንዱም ሰው በስም ብቻ ያለ መካሪ ይዞ ይቀራል።

መፍትሔው ከትልቁ ነጥብ ሳይሆን ምርጫው ከጠበበበት ሰው መጀመር ነበር። ምርጫ የሌለው አስተባባሪው ነው። ሰውየው 12 ሠራተኞችን ለዓመታት መርተዋልና እሱን ለጡረተኛው ስንሰጥ 5 ይሆናል። የመስክ ሠራተኛው ከዋሽንግተኗ ጋር በ5 ይጸናል። የሂሳብ ሠራተኛዋ ወደ ምክትሉ ትሄዳለች፤ መዝገብ ባይሠራም የለጋሽ ሪፖርቶችን እያረመ የሚፈርመው እሱ ነውና 4 ነው። ድምሩ 14 ሆነ፤ ከ4 በታች የወረደም የለም። እሷ ሁለት ነጥብ ከሰረች፤ በምትኩ በወር አንዴ ለጡረተኛው አንድ ጥያቄ ደውላ እንድትጠይቅ ተስማሙ።

ሦስት ለሦስት ሲሆን ሊኖሩ የሚችሉት ድልድሎች ስድስት ብቻ ስለሆኑ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ስድስት ለስድስት ሲሆኑ 720 ይደርሳሉ፤ ያኔ ከጠበበው መጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። አሜሪካኖች አዳዲስ ሐኪሞችን ለሆስፒታሎች የሚያከፋፍሉበት ሥርዓት ከ1952 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ የዚህን ዓይነት ድልድል ሒሳብ ጌልና ሻፕሊ በ1962 አሳትመውታል፤ በ2012 ደግሞ ሻፕሊና ሮዝ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። እዚያ ሁሉም የሚፈልገውን በቅደም ተከተል ይጽፋል። በ18 ሰው ቢሮ ግን ይህን አልመክርም። መጨረሻ ላይ የተጻፈው ሰው ቡና ሳይፈላ ይሰማዋል።

ድልድሉ መበላሸቱ የሚታወቀው ቀድሞ ነው። በመጀመሪያው ወር ሁለት ቀጠሮ ከተላለፈ ሦስተኛውን አትጠብቁ። «እንዴት ነው ነገሩ?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም፤ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በስድስተኛው ሳምንት ለየብቻ «ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተገናኛችሁ? ምን ጥያቄ ይዘህ ሄድክ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄ ይዞ የማይሄድ ተመካሪ ዓላማው በደንብ አልተጻፈም ማለት ነው። አንድ ሌላ ነገር እዚሁ ቢሮ ተማርን፤ ወጣቱ ጋሼ የሚላቸውን ሰው ደውሎ «ቀጠሮአችንስ?» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ደዋዩ መካሪው እንዲሆን ተወሰነ። መቀያየርም ነውር እንዳይሆን፣ በስድስተኛው ሳምንት ማንም ምክንያት ሳይጠየቅ መቀየር እንደሚችል ገና ከመነሻው ለሁሉም ተነገረ።

የዋሽንግተኑ ጥንድ ግን ያልጠበቅነው ችግር ገጠመው። ቅጹ ላይ «4:00» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ እሷ ለአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለቷ ነው፣ ልጁ ግን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ያ ተስተካከለ። መጋቢት መግቢያ ላይ ደግሞ አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት አንድ ሰዓት ስትገፋ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የነበረው የስምንት ሰዓት ልዩነት ወደ ሰባት ወረደ። እሷ እንደለመደችው በእሷ ጠዋት 8 ሰዓት ላይ ብትደውል አዲስ አበባ ገና 9 ሰዓት ነው፤ ልጁ ከመስክ የሚመልሰው አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮአቸው የሚጻፈው በአዲስ አበባ ሰዓት ብቻ ነው፤ «ጠዋት» ወይም «ከቀኑ» የሚለው ቃልም ይጨመርበታል።