ሩብ ኪሎ ቡና ስጦታ ሲሆን

ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ጥቃቅን ዕቃ ከመሰብሰብ አንድ ጥሩ ነገር መግዛት ይሻላል። ለአክስትዎ ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡና ይበቃል እንበል። ጠጠሩንና የተሰበረውን ፍሬ ለቅመው ያውጡ፤ ይህ ድካም ሲከፈት ይታያል። ከዚያ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ቋጥረው በካኪ ወረቀት ይጠቅልሉት። የሚያብረቀርቀው ወረቀት ከመወደዱም በላይ ቶሎ ይቀደዳል፤ ካኪ ግን እጥፋት ይይዛል። በፕላስተር ፈንታ በጥጥ ክር አስረው ቋጠሮው ላይ የጤና አዳም ቅርንጫፍ ይሰኩ። እርጥበቱ ቡናውን እንዳያበላሽ ከውጭ ይሁን፤ እንዳይጠወልግም በዕለቱ ይቆረጥ።

ካርድ አይግዙ። በቁራጭ ወረቀት፣ በእጅ ጽሑፍዎ፣ እሳቸውን ብቻ የሚመለከት አንድ ነገር ይጻፉ፦ «ለፈተና ሳጠና ሌሊት ቡና ያፈሉልኝ እርስዎ ነበሩ።» «መልካም በዓል» ለማንም ይሆናል፤ ይህ ግን የእሳቸው ብቻ ነው።